የሽፈራው ዱቄት በማንኪያ ሲለካ፦ ከገበያ እስከ ወጥ ድስት

ባሕር ዳር ውስጥ አሁን አሁን የሽፈራው ዱቄት ለመግዛት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ጀምሮ እስከ ቅመም ነጋዴዋ መደብ ድረስ አረንጓዴው ዱቄት በፕላስቲክ ታሽጎ ይገኛል። ሞሪንጋ የሚለው ስም ይበልጥ ይሸጣል መሰለኝ፣ ሽፈራው የሚል የተጻፈበት እሽግ ብዙም አይታይም። እሽጉ ላይ ግን አንድ የተለመደ ጽሑፍ አለ፦ ከብርቱካን 7 እጥፍ ቫይታሚን ሲ፣ ከወተት 17 እጥፍ ካልሲየም፣ ከስፒናች 25 እጥፍ ብረት።

ይህ መመሪያ ያንን ጽሑፍ እንዴት እንደምናነብ፣ ዱቄቱን እንዴት እንደምንመርጥ ወይም ቤት እንደምናዘጋጅ፣ በቀን ምን ያህል እንደሚበቃ እና የትኛውን ወሬ ማመን እንደሌለብን ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ዱቄቱ መጥፎ ነገር አይደለም። እኔም ሽሮ ላይ እጨምረዋለሁ። ችግሩ ያለው ማንኪያው ከሚይዘው በላይ ሲወራለት ነው።

1. መጀመሪያ ማንኪያውን መዝኑ

እሽጉ ላይ ያሉት «እጥፎች» የሚያወዳድሩት 100 ግራም ዱቄትን ከ100 ግራም ወተት ወይም ስፒናች ጋር ነው። ዱቄቱ ውኃው ወጥቶለታል። ወተቱ ግን አብዛኛው ውኃ ነው። ማንኛውም ቅጠል ደርቆ ቢፈጭ ውኃ ከያዘ ምግብ ጋር ሲወዳደር ይገዝፋል። ጎመን ብታደርቁም እንደዚያው ነው።

ሌላም ነገር አለ። የቫይታሚን ሲው ቁጥር ጭራሽ የዱቄቱ አይደለም። ስለ እርጥብ ቅጠል የተነገረ ነው፣ ከደረቁ ቁጥሮች ጋር ተቀላቅሎ ይጻፋል። እሱም ቢሆን አከራካሪ ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ሰንጠረዥ ለ100 ግራም እርጥብ የሞሪንጋ ቅጠል 52 ሚሊግራም ገደማ ቫይታሚን ሲ ይሰጣል። ብርቱካንም እዚያው አካባቢ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ደግሞ አብዛኛው ቫይታሚን ሲ ይጠፋል። ለቫይታሚን ሲ ከሆነ ሎሚ ወይም ዘይቱን ግዙ።

አሁን ወደ ማንኪያው። ከአፉ እኩል የተስተካከለ የሾርባ ማንኪያ፣ እንደ አፈጫጨቱ፣ 7 ግራም ገደማ ዱቄት ይይዛል። የሻይ ማንኪያ ደግሞ ከ2 እስከ 2.5 ግራም። የወርቅ ቤት ሚዛን አያስፈልግም። ኩሽና ውስጥ ትንሿ ዲጂታል ሚዛን ካለች አንድ ጊዜ መዝናችሁ ማንኪያችሁን እወቁት። ቁልል አድርገው የሚጨልፉ ሰዎች ሳያውቁት እጥፉን ይወስዳሉ።

በብዛት የሚጠቀሰው የደረቅ ቅጠል ቁጥር በ100 ግራም ፕሮቲን 27 ግራም፣ ካልሲየም 2,000 ሚሊግራም፣ ብረት 28 ሚሊግራም ገደማ ነው። ይህንን በ7 ግራም ስናሰላው አንዱ የሾርባ ማንኪያ 2 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ 140 ሚሊግራም ካልሲየም እና 2 ሚሊግራም ብረት ይሰጣል።

ጥሩ ነው፣ ግን ምን ያህል ጥሩ? ከእኛው ማዕድ ጋር እናስተያየው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ፕሮቲን አለው። ከጣና የወጣ ቆሮሶ 100 ግራሙ ሥጋ 20 ግራም ያህል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም ይይዛል። የሚገርመው ደግሞ ዳጉሳችን ነው። 100 ግራም የዳጉሳ ዱቄት 340 ሚሊግራም አካባቢ ካልሲየም አለው። የዳጉሳ እንጀራ ለሚበላ ቤተሰብ አንድ ማንኪያ ሽፈራው የሚጨምረው ካልሲየም ከእንጀራው ያነሰ ነው። ከዳጉሳውም ሆነ ከሽፈራው ያለው ካልሲየም ሁሉ ደም ውስጥ አይገባም፤ ይህ ለሁለቱም የሚሠራ ነው። ይሁንና ዳጉሳን «የድሃ እህል» ብሎ ንቆ ለሽፈራው እሽግ ብር መክፈል ለእኔ ግራ የሚገባ ነገር ነው።

አንድ ስሌት ልጨምር፣ ነገሩን ሁሉ ግልጽ ስለሚያደርገው። እርጥብ የሞሪንጋ ቅጠል ከ100 ግራሙ 79 ግራም ያህሉ ውኃ ነው። ስለዚህ 7 ግራም ዱቄት የሚወጣው 30 ግራም ከሚሆን እርጥብ ቅጠል ነው። ያ ማለት አንድ ጭብጥ። የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ማለት አንድ ጭብጥ ጎመን በሉ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ዱቄቱ የምትሰሙትን ሁሉ በዚህ ለኩት።

2. የየትኛው ዛፍ ቅጠል እንደሆነ እወቁ

ሁለት ዓይነት ዛፍ አለ። አንዱ ከህንድ የመጣው፣ ቅጠሉ ደቃቅ የሆነው ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሞሪንጋ ኦሊፌራ ይባላል። ሁለተኛው የእኛው ነው፣ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ። ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ግንዱ ወፈር ያለ። ኮንሶና ጋሞ አካባቢ አለኮ ወይም ሃለኮ እያሉ ዘመናትን የበሉት ይሄኛው ነው። ባሕር ዳር ገበያ ላይ «የአርባ ምንጭ ሞሪንጋ» ተብሎ የሚቀርበውም በአብዛኛው እሱ ነው።

ይሄ ለምን ያስፈልጋል? ምክንያቱም በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶችና እሽግ ላይ ያሉት ቁጥሮች በአብዛኛው ስለ ህንዱ ዛፍ ናቸው። የእኛን ዛፍ ቅጠል የለኩት ጥናቶች ደግሞ እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች መሪነት የወጣ አንድ ጥናት የስቴኖፔታላ ቅጠል ፕሮቲን ከደረቅ ክብደቱ 9 በመቶ ብቻ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ ጎመንና ቆስጣ ካላቸው ሲሶ ያህል ነው። ካልሲየሙና ቃጫው ግን ከሁለቱም በልጦ ነበር። ሌሎች ጥናቶች ከዚያ በጣም ከፍ ያለ ፕሮቲን አግኝተዋል። አፈሩ፣ ወቅቱ፣ የቅጠሉ ዕድሜ፣ አደራረቁ ቁጥሩን ያወዛውዙታል። ስለዚህ ከላይ ያሰላነው የማንኪያ ስሌት ለእኛው ዱቄት የላይኛው ጣሪያ ነው ብላችሁ ብትይዙት ይሻላል።

ኮንሶ ውስጥ ቅጠሉ የሚበላው ተቀቅሎ፣ ኩርኩፋ ከሚባለው የእህል ድቡልቡል ጋር፣ እንደ ጎመን ነው። በማንኪያ እየተቆጠረ የሚዋጥ መድኃኒት ሆኖ አይደለም።

3. ስትገዙ እንዲህ ፈትሹ

ነጋዴው እሽጉን ፀሐይ ላይ ሰቅሎት ከሆነ ሌላ ቦታ ሂዱ። ቤታ ካሮቲን፣ ማለትም ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር፣ በብርሃንና በሙቀት ይሞታል። ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ሆኖ ወራት የቆየ ዱቄት ቀለሙ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ደህናው ደማቅ አረንጓዴ ነው፣ እንደ አዲስ ሣር ይሸታል። የደረቀ ድርቆሽ ወይም የምድር ቤት ሽታ ካለው አትግዙት። የተቆላለፈ ጓል ካለው እርጥበት ገብቶበታል ማለት ነው። እርጥበት ከገባ ደግሞ ሻጋታ ይከተላል።

ቤት ስትደርሱ አንድ ፍተሻ አድርጉ። ንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ ውኃ ሙሉና አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በትኑበት። አማስላችሁ ትንሽ ጠብቁ። የቅጠሉ ደቃቅ ላይ ይንሳፈፋል ወይም ውኃው ውስጥ ይንጠለጠላል። አሸዋና አፈር ከሆነ ግን ወዲያው ታች ይወርዳል። ውኃውን ቀስ ብላችሁ ደፍታችሁ ታች የቀረውን በጣታችሁ ፈትጉት። ከጎረበጣችሁ ቅጠሉ መንገድ ዳር ወይም መሬት ላይ ደርቋል። አፈር ጥርስ ላይ መጎርበጡ ብቻ አይደለም ችግሩ። አፈር ራሱ ብረት አለው። ስለዚህ አቧራ የገባበት ዱቄት ላቦራቶሪ ሲለካ ብረቱ «ከፍተኛ» ሊሆን ይችላል፣ ሰውነት ግን ያንን ብረት እምብዛም አይጠቀምበትም።

እሽጉ ላይ የአምራቹ ስም፣ የተመረተበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን መኖራቸውን እዩ። ሦስቱ የሌሉበት ዱቄት ላይ ቅሬታ እንኳ የምታቀርቡበት የለም። ከገዛችሁ በኋላ ብርሃን በማያስገባ ክዳናም ዕቃ ውስጥ፣ ከምድጃው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። በ6 ወር ውስጥ የምትጨርሱትን ያህል ብቻ ግዙ።

4. ግቢያችሁ ዛፉ ካለ ቤት ማዘጋጀት

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ዛፉ ይበቅላል። የቆላውን ያህል ግን አይፈጥንም። ቅጠል ለማድረቅ የሚሆነው ወቅት በጋው ነው፣ ከኅዳር እስከ የካቲት። በክረምት የሐይቁ እርጥበትና ዝናቡ ተደምረው ቅጠሉን ሳይደርቅ ያሻግቱታል። ሐምሌና ነሐሴ እርጥቡን ቅጠል ቀቅላችሁ ብሉት እንጂ አታድርቁት።

ጠዋት ጤዛው ከለቀቀ በኋላ ቁረጡ። ቢጫውን፣ የተበላውንና ነጠብጣብ ያለበትን ለቅማችሁ ጣሉ። ከዚያ በንጹሕ የቧንቧ ውኃ እጠቡት። የሐይቅ ወይም የዓባይ ውኃ አትጠቀሙ፣ ቅርብ ቢሆንም። ለጥቆ አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 10 ግራም ጨው፣ ማለትም ሁለት ከአፉ እኩል የሻይ ማንኪያ ያህል፣ አሟሙታችሁ ቅጠሉን ለ5 ደቂቃ ንከሩበት። በንጹሕ ውኃ አለቅልቁትና ውኃው ጠብ ጠብ ብሎ እስኪያልቅ ወንፊት ላይ አኑሩት።

አሁን የሚበላሸው ደረጃ መጣ። ቅጠሉን ፀሐይ ላይ አታስጡት። እንደ በርበሬ ግቢ ውስጥ ማስጣት ይቀናናል፣ ግን ፀሐይ ቤታ ካሮቲኑን ትወስደዋለች፣ ዶሮና ዝንብ ደግሞ ሌላ ነገር ያመጡበታል። ነፋስ የሚያሳልፍ፣ ጥላ የሆነ ክፍል ምረጡ። አልጋ ወይም የእንጨት ፍሬም ላይ የወባ አጎበር የመሰለ ንጹሕ መረብ ዘርግታችሁ ቅጠሉን በስሱ አነጥፉት። ሲደራረብ መሀሉ ይታመቅና ይጠቁራል። እጃችሁን ታጥባችሁ በቀን ሁለት ጊዜ አገላብጡ። በበጋ ከ3 እስከ 4 ቀን ይበቃዋል።

መድረቁን በጣት ትለዩታላችሁ። ቅጠሉን ስታሹት ብስኩት ሲፈረፈር እንደሚሰማው ጭረት ካሰማና እንኩትኩት ካለ ደርቋል። ከተጣጠፈ ወይም እንደ ጨርቅ ከለሰለሰ አንድ ቀን ጨምሩለት። እንጨት እንጨቱን ለይታችሁ አውጡ፤ ዱቄቱን የሚያሻክረው እሱ ነው። ከ5 ኪሎ የተለቀመ እርጥብ ቅጠል 1 ኪሎ ገደማ ዱቄት ይወጣል። ለመፍጨት የቤት መፍጫ ይሻላል። ወፍጮ ቤት ከወሰዳችሁት በርበሬ የተፈጨበት ድንጋይ ላይ ይገባና አልጫችሁ ሁሉ ያቃጥላችኋል። መፍጫው ሞቆ ከሆነ ዱቄቱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃችሁ ነው የምታሽጉት። ትኩሱ ከታሸገ ክዳኑ ላይ ላብ ይሠራል፣ ያ ላብ ደግሞ ጓል ይሆናል።

5. መጠኑ

በይፋ የተቀመጠ «በቀን ይህን ያህል ውሰዱ» የሚል መጠን የለም። በሰው ላይ የተደረጉ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 8 ግራም ባለው ውስጥ ነው የሠሩት። ከዚህ ተነስቼ የምመክረው ለጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን ከ1 እስከ 2 የሻይ ማንኪያ ነው፣ ከበዛም አንድ ከአፉ እኩል የሾርባ ማንኪያ። ከዚያ በላይ መጨመር የሚሰጠው ጥቅም አልታወቀም። ጉዳቱ ግን ቶሎ ይታወቃል፦ ሆድ ይነፋል፣ ይቆርጣል፣ ያስቀምጣል።

አጀማመሩ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ይሁን፣ ያውም ከምግብ ጋር። አንድ ሳምንት ያለ ችግር ካለፈ ወደ አንድ ማንኪያ ማደግ ይቻላል። በባዶ ሆድ፣ ጠዋት፣ በሞቀ ውኃ እየተባለ የሚሰጠው ምክር ምንም መሠረት የለውም። እንዲያውም ባዶ ሆድ ላይ ማቅለሽለሽ የሚያመጣበት ሰው ብዙ ነው።

ከ6 ወር በላይ ለሆነ ሕፃን ገንፎ ላይ ቁንጥር ያህል አብሮ ቢበስል እንደ ማንኛውም ጎመን ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነች፣ ቅጠል ስትሞሉባት እንቁላሉና ወተቱ ቦታ ያጣሉ። በዕድገት ወደኋላ የቀረ ልጅ ካለ ጤና ጣቢያ ይታይ። ያንን ሽፈራው አይመልሰውም።

6. አበሳሰሉ

ዱቄቱን ጥሬውን ጭማቂ ወይም እርጎ ላይ በትኖ መጠጣት ፋሽን ሆኗል። እኔ አብስሉት እላለሁ። ደረቅ ዱቄት ውስጥ ሳልሞኔላ የሚባለው ጀርም አይራባም፣ ግን አይሞትም፣ ወራት ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ ውስጥ በዚህ ጀርም የተበከለ የሞሪንጋ ቅጠል ዱቄት ሰዎችን አሳምሞ ምርቶች ከገበያ ተሰብስበዋል። እዚያ እንዲህ ከሆነ፣ መረብ ላይ ይድረቅ መሬት ላይ ይድረቅ የማናውቀውን ዱቄት ጥሬውን መጠጣት ለምን?

ሽሮው ወይም ክኩ በስሎ ሊወርድ 5 ደቂቃ ሲቀረው ዱቄቱን ጨምሩና አንተክትኩት። በረጅም ማፍላት የሚጠፋው ቫይታሚን ሲ ነበር፣ እሱ ደግሞ ከመጀመሪያውም እምብዛም የለም። ካልሲየሙና ብረቱ በእሳት አይጠፉም። ዘይቱን ወይም ቅቤውን አትርሱ። ቤታ ካሮቲን ያለ ቅባት ወደ ደም በደንብ አይገባም። ለ5 ሰው ለሚሆን ሽሮ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይበቃል። ከበለጠ ምሬቱ ሽሮውን ይውጠዋል፣ ልጆቹም ሳህኑን ይገፉታል።

ሻዩስ? አንዷ የሻይ ከረጢት 2 ግራም እንኳ ላትሞላ ትችላለች። ፕሮቲኑ፣ ካሮቲኑና አብዛኛው ማዕድን ከረጢቱ ውስጥ ከቅጠሉ ጋር ቀርቶ ይጣላል። ጣዕሙን ከወደዳችሁት ጠጡት። ለምግብነት ብላችሁ ከሆነ ግን ገንዘቡን ሽሮ ላይ ለሚጨመረው ዱቄት አውሉት።

በጾም ወራት ሽፈራው ጎመንን ሆኖ ማዕድ ላይ ቢገባ ደስ ይላል። ግን ቫይታሚን ቢ12 የለበትም። እሱ ከእንስሳት ምግብ ነው የሚገኘው። ረጅም ጊዜ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተትና እንቁላል የማይቀምስ ሰው በሽፈራው ቢ12 እሞላለሁ ቢል ራሱን ያታልላል።

7. የደም ማነስ ላይ እንሞክረው

በሽፈራው ስም በብዛት የሚነገረው «ለደም ማነስ» የሚለው ነው። ስለዚህ አንድ ጉዳይ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። አንዲት የ34 ዓመት እናት እንውሰድ። ድካም፣ ራስ ማዞር፣ ደረጃ ስትወጣ ልብ መምታት አለባት። ጤና ጣቢያ ተለክታ ሄሞግሎቢኗ 9.8 ሆኗል። ለአዋቂ ሴት ከ12 በታች ደም ማነስ ነው የሚባለው። የብረት ኪኒን ተሰጥቷታል። ጎረቤቷ ደግሞ «ኪኒኑ ሆድሽን ያደርቃል፣ ሞሪንጋ ጠጪ እንጂ» ትላታለች።

እንቁጠር። በአንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ጥሩው ዱቄት ቢሆን፣ 2 ሚሊግራም ብረት አለ። የቅጠል ብረት ግን ብዙው አይመጠጥም። ከ100 እጁ 5 እጅ ተመጠጠ እንበል፤ የሚገባው 0.1 ሚሊግራም ነው። በወር አበባ ዕድሜ ያለች ሴት በቀን በአማካይ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብረት ከሰውነቷ ይወጣል። ማንኪያዋ የዕለት ወጪዋን እንኳ አይሸፍንም፣ ጉድለቷን መሙላት ይቅርና። ኪኒኑስ? ለነፍሰ ጡሮች የሚታደለው የብረትና ፎሌት ኪኒን 60 ሚሊግራም ብረት አለው። ከ100 እጁ 10 እጅ ቢመጠጥ 6 ሚሊግራም ገባ። ያንን በሽፈራው ለማግኘት በቀን 60 የሾርባ ማንኪያ ያስፈልጋታል። ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው።

ቁጥሮቹ ግምት ናቸው፣ የሰው ሆድ ከሰው ሆድ ይለያያል። ልዩነቱ ግን በግምት ስህተት የሚሸፈን ዓይነት አይደለም።

ታዲያ ይህች እናት ምን ታድርግ? ኪኒኗን እንደታዘዘው ትጨርስ። ሆዷን ካደረቃት ወይም ካቅለሸለሻት ለሰጣት ባለሙያ ትንገር፣ መጠኑ ወይም ሰዓቱ ይስተካከልላታል። ሽፈራውን ከፈለገች ወጧ ላይ ትጨምር፣ ግን ከኪኒኑ ጋር በአንድ ሰዓት አትውሰደው። በውስጡ ያለው ካልሲየምና ቅጠሉን የሚያኮመትተው ንጥረ ነገር የኪኒኑን ብረት ይይዙባታል። ወጧ ላይ ሎሚ ጠብ ታድርግ ወይም ቃሪያ ትብላ፣ የቅጠል ብረት በቫይታሚን ሲ ይሻላል። ቡናውን ደግሞ ታቆየው። የዘጌ ቡና ገና ምሳው ሳይነሳ ከተፈላ ከምግቡ ብረት ብዙውን ያስቀረዋል። አንድ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ቢሆን ጉዳት የለውም። ደም ማነሱ ከምን እንደመጣም ትጠይቅ። ጣና ዳር ስንኖር ቢልሃርዚያና የሆድ ትላትል ሩቅ አይደሉም፣ እነሱ ካልታከሙ ብረቱ በአንድ በር እየገባ በሌላው ይወጣል። ከወር በኋላ እንደገና ትለካ። ሄሞግሎቢኗ ካልተነሳ ምክንያቱ ሌላ ነው።

8. ከመረጃው በላይ የሚነገሩት

«300 በሽታ ይፈውሳል» የሚለው በቀላሉ ያልፋል። 300ውን ዘርዝሩልኝ ብትሉ የሚዘረዝር የለም። ካንሰርን ይገድላል የሚለው ከላቦራቶሪ የመጣ ነው፤ ሳህን ላይ ባለ ሴል ላይ የቅጠሉን ጭማቂ አፍስሰው ሴሉ ሲሞት አይተዋል። ሳህን ላይ ሴል የሚገድል ነገር ብዙ ነው። ሰው ላይ ካንሰር እንደፈወሰ የሚያሳይ ጥናት የለም። ኤችአይቪም እንደዚሁ። በእሱ ምክንያት መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ቫይረሱን ነፃ ይለቀዋል።

የሚያከራክረው ስኳር በሽታ ነው፣ እዚህ ላይ የተወሰነ ማስረጃ አለና። ስፔን ውስጥ ወደ ስኳር በሽታ የተጠጉ ግን ገና ያልታመሙ ሰዎች በቀን 2.4 ግራም የደረቀ ቅጠል ለ12 ሳምንት ወስደው ትንሽ መሻሻል ታይቷል። ታይላንድ ውስጥ ግን መድኃኒት ገና ያልጀመሩ ታማሚዎች በቀን 8 ግራም ለ4 ሳምንት ወስደው፣ ስኳራቸው መድኃኒት የሌለበት እንክብል ከዋጡት ሰዎች የተለየ አልሆነም። ይህ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ነው። የምዕራብ ሰሐራ ስደተኞች ላይ በተሠራ ሌላ ጥናት 20 ግራም ምግብ ውስጥ ሲገባ ከምግብ በኋላ ያለው ስኳር ቀነስ ብሏል፣ የምግቡ ጣዕም ግን ተጠልቷል። ሁሉም በጥቂት ሰዎች ላይ፣ ለአጭር ጊዜ፣ በህንዱ ዛፍ ላይ የተሠሩ ናቸው። ከዚህ ተነስቶ «ትንሽ ሊያግዝ ይችል ይሆናል» ማለት ይቻላል።

ገበያ ላይ ግን እንዲህ አይባልም። ነጋዴው እሽጉን ወደ እጅዎ እየገፋ «እህቴ፣ ይሄ እኮ ስኳርን ድራሹን ነው የሚያጠፋው፣ ኪኒን ምን ያደርግልሻል» ይላል። አደጋው እዚህ ነው። የስኳር ኪኒኑን ሜትፎርሚንን ትቶ ዱቄት የሚወስድ ሰው ለሳምንታት ደህና ነኝ ሊል ይችላል፣ ስኳር ከፍ ሲል ወዲያው አያምምምና። ዓይንና ኩላሊት የሚጎዱት በዝምታ ነው።

የደም ግፊትና ክብደት መቀነስም ተመሳሳይ ናቸው፣ የሰው ጥናታቸው ከስኳሩም የሳሳ ነው። የጡት ወተት ይጨምራል የሚለው ጥቂት አነስተኛ ጥናቶች አሉት። አጥቢ እናት ወጥ ላይ ብትበላው ጉዳት የለውም፣ ወተቷ ላይ ዋስትና አድርጋ አትቁጠረው እንጂ።

9. ማን ይጠንቀቅ

ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ከሆነ ስኳር ከሚገባው በታች እንዳይወርድ ተጠንቀቁ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብና መደናበር ምልክቶቹ ናቸው። ያን ጊዜ ወዲያው ስኳር ያለበት ነገር ጠጡ፣ ዱቄቱንም አቁሙና ለሐኪም ንገሩ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ቅጠሉ ቫይታሚን ኬ ስላለው የደሙ ልኬት ሊዛባበት ይችላል። አንድ ቀን ብዙ፣ አንድ ቀን ምንም የሚባለው አበላል ይበልጥ ያዛባዋል። የኩላሊት ሕመምተኛ ፖታሲየሙ ስለሚያሰጋው ሳያስፈቅድ አይጀምር። የእንቅርት ኪኒን የምትወስዱም እንደ ብረቱ ኪኒን ሁሉ በሰዓታት አራርቁት። አዮዲን ያለው ጨውም ማዕዳችሁ ላይ ይኑር፣ ቅጠሉ ሲበዛ የአዮዲን ጥቅምን ሊቀንስ የሚችል ነገር አለበት።

ለነፍሰ ጡር ቅጠሉ ወጥ ውስጥ፣ በጎመን መጠን፣ ነው የሚሆነው። ሥሩና ቅርፊቱ ግን ጨርሶ አይቀመሱ። ማሕፀን ሊያኮማትሩ ይችላሉ፣ ሥሩም መርዛማ ንጥረ ነገር አለበት። «ሥሩ ይበልጥ ይሠራል» የሚላችሁ ሰው ካለ እሽጉን መልሱለት።

ክሊኒክ ወይም ፋርማሲ ስትሄዱ ከኪኒኖቻችሁ ጋር የዱቄቱንም እሽግ ይዛችሁ ሂዱ፣ በቀን ስንት ማንኪያ እንደምትወስዱም ንገሯቸው። «የምትወስጂው ሌላ ነገር አለ ወይ?» ሲባል አብዛኛው ሰው «የለም» ይላል፣ ሽፈራው መድኃኒት ስላልመሰለው።